ጫኝና አውራጁ እንደ ዜና አንባቢ እየዘፈነብኝ ነው፤ እስከ ማታ ምን ላድርግ?

የጅማው ጸሐፊ፦ ድረሱልኝ! ማታ 12 ሰዓት የሙዚቃ ቲያትር ልምምድ አለን። ዘፋኙ የቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነው፤ ፍቅር ይዞታል። ተዋናዩ አፉን በከፈተ ቁጥር ሁሉም ይስቃል። ዜማው አልቋል፣ አይነካም።
*ህልውናዬ ሁሉ በአንቺ ተመስጦ፣*
*በፍቅር አድማስ ላይ ይኖራል ተውጦ።*

ቶና፦ ኩንታል ተሸክሞ «ህልውናዬ» ካለማ ወገቡ መቀጨቱ ነው።

ጂሬን ማዶ፦ ጅማ አይደል? «አቦ» ጨምርበት፣ አለቀ።

ጋሽ ስንኝ፦ ልጆች፣ መጀመሪያ ቀለም ቁጠሩ። ይሄ የወል ቤት ነው፤ ስድስት ስድስት ቀለም ይመታል። «አቦ» ብትሰኩበት ዜማው ይሰበራል። እናንተ መቁጠር ትጠላላችሁ።

በርጩማ፦ ወዛደር ቅኔ አይችልም ያለው ማነው? የኛ ሰፈር አልቃሾች ፊደል አልቆጠሩም፤ ግጥማቸው ግን የተማረውን ያስለቅሳል። ግጥሙን አታውርድበት።

ጀንፈል፦ በርጩማ ልክ ነው። ሐሳቡ ይጠልቅ፤ ቃሉ ግን ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከሚነካው ነገር ይምጣ። «አድማስ»ና «ተመስጦ» የመጽሐፍ ናቸው። ጆንያ፣ ሚዛን፣ ትከሻ ግን የሱ ናቸው። ቁጥሩን ሳልነካ ሞከርኩት፦
*ጆንያው ሲጫንብኝ ትከሻዬ ችሎ፣*
*ያንቺ ነገር ከብዶኝ ልቤ ዋለ ዝሎ።*
ክብደት የሚያውቅ ሰው ፍቅርንም በክብደት ይለካል። «አቦ»ን ተወው፤ አንዲት ቃል ብትለጥፍበት የጅማ ሰው አይሆንም። ለመሆኑ ለማን ነው የሚዘፍነው?

የጅማው ጸሐፊ፦ ኧረ ጎበዝ! ለባለመጋዘኗ ነዋ፤ ባሏ የሞተባት ናት። በንግግር ክፍሉ «እትዬ» ነው የሚላት።

ጀንፈል፦ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም? «እትዬ» ሲል የዋለ ሰው ፊቷ ቆሞ ድንገት «አንቺ» ካለ ተመልካች ይደነግጣል። ብቻውን ከሆነ «አንቺ» ይበል፤ የልቡን ነው የሚያወራው። እሷ ካለች ግን «የርስዎ ነገር ከብዶኝ» ሰባት ይሆንብሃል። «ነገርዎ ከብዶኝ» በለው፤ ስድስት ይመታል። «አንቺ»ን ለመጨረሻው አዝማች አቆያት። ያኔ ደፈረ ማለት ነው።

ጋሽ ስንኝ፦ ሰው ሲዘፍን አንቱታ ይቀራል። በዘፈን ሁሌም «አንቺ» ነው።

ጀንፈል፦ ጋሼ፣ ካሴት ላይ አዎ። መድረክ ላይ ግን ሴትዮዋ ቆማ እየሰማችው ነው።

ጋሽ ስንኝ፦ አልተዋጠልኝም።

ሰርገኛ፦ ለወንድሜ ሰርግ ግጥም የሚጽፍልኝ አለ? ሙሽራው ሹፌር ነው።

ቶና፦ ፍሬን እንዳይበጠስበት ተጠንቀቅ።

ጀንፈል፦ ጸሐፊው፣ እሷ መድረክ ላይ አለች ወይስ የለችም? ሌላው ስንኝ በዚህ ነው የሚወሰነው።