የጨረታ ማስከበሪያዬ ቀን አጠረብኝ

አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ። የአንድ መሥሪያ ቤት የቦይ ሥራ ጨረታ ሰነድ ገዝቼ ዋና ዋናውን በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ብቁነቱ ላይ ችግር የለብኝም፤ ፈቃዴ ታድሷል፣ ግብሬም ተከፍሏል። ግምገማውም ግልጽ ነው፤ ቴክኒኩን ካለፉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል።

የተሸወድኩት ማስከበሪያው ላይ ነው። ማስታወቂያው «ዋጋው ለ90 ቀን ይጸናል» ስለሚል ከባንክ የ90 ቀን ዋስትና አወጣሁ። ትናንት ሰነዱን ሳገላብጥ ግን ዋስትናው ከዚያም በላይ 28 ቀን መቆየት አለበት ይላል። ከመዝጊያው ቀን ጀምሮ 118 መሆኑ ነው። የኔው ደግሞ ከተሰጠበት ቀን ነው የሚቆጥረው፤ ሌላ ሳምንት በላብኝ!

ባንኩ አዲስ ከማውጣት የማራዘሚያ ደብዳቤ ይቀለኛል አለ። ጨረታው የሚዘጋው ከነገ ወዲያ ነው። ደብዳቤውን ከዋናው ዋስትና ጋር በአንድ ፖስታ ባስገባ ይቀበሉኛል ወይስ የግድ አዲስ ዋስትና ያስፈልገኛል?