«እስከ ሐምሌ 31» ምን ማለት ነው? የአከራይ ደብዳቤ ትርጉም

ሆሄያት፦ ለአንድ ተከራይ ከእንግሊዝኛ የምተረጉመው ደብዳቤ አለኝ። ውስጡ ሦስት ቀኖች አሉ፤ ሁሉም 2025 ናቸው። አዲሱ ውል ተፈርሞ የሚመለስበት ጁላይ 31፣ የአሁኑ ውል የሚያበቃው ኦገስት 31 እኩለ ቀን 12፡00፣ አዲሱ ኪራይ የሚጀምረው ሴፕቴምበር 1። የአሁኑ ኪራይ በወር 1,200 ነው። ረቂቄ ይኸው፦

«አዲሱን ውል እስከ ሐምሌ 31 ፈርመው ይመልሱ። ካልፈረሙ ነሐሴ 31 በ12 ሰዓት ቤቱን እንዲለቁ ይጠበቃል። ከፈረሙ ኪራዩ ከመስከረም 1 ጀምሮ ወደ 1,380 ከፍ ይላል።»

ያልተዋጠልኝ «እስከ» ብቻ ነው። 31ኛው ቀን ይገባል ወይስ አይገባም?

ሰምና ወርቅ፦ ከ«እስከ» በፊት ወሮቹን እንይ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 31 የሚባል ቀን የለም። ተከራዩ ይህን ሲያነብ ወይ ሐምሌ 30 ነው ይላል፣ ወይ ነሐሴ 1፤ ሁለቱም ቀኑ ካለፈ በኋላ ናቸው። ጁላይ 31 ሐምሌ 24 ነው። ከሁሉ የሚብሰው «መስከረም 1» ነው፤ ሰው ያለ ጥርጥር እንቁጣጣሽ ብሎ ያነበዋል፤ እሱ ግን ሴፕቴምበር 11 ነው። የተባለው ቀን ነሐሴ 26 ስለሆነ ሰውየው የመጀመሪያውን ጭማሪ 10 ቀን አሳልፎ ይከፍላል።

ዳዊት ደጋሚ፦ ቀላል ነው፤ ከፈረንጁ ቀን 10 ቀንሱ።

ሰምና ወርቅ፦ ለሴፕቴምበር መጨረሻና ለኦክቶበር ይሠራል፣ ለዚህ ደብዳቤ ግን አይሠራም። ጁላይ 31 ሐምሌ 24 ሲሆን ልዩነቱ 7 ነው፤ ኦገስት 31 ነሐሴ 25 ሲሆን 6 ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ እያንዳንዱን ቀን ለብቻው ማስላት ያስፈልጋል። ዕለቱንም ጻፊ፦ «ሐሙስ፣ ጁላይ 31 ቀን 2025 (ሐምሌ 24 ቀን 2017)»። አከራዩ የሚቆጥርበት ይቅደም፤ ክርክር ቢነሳ የሚታየው እሱ ነው። ዕለቱ ደግሞ ስሌቱ ቢሳሳት ያጋልጠዋል።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። እኩለ ቀን በእኛ 6 ሰዓት ነው። «12 ሰዓት» ካልሽው ተከራዩ እስከ ማታ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። «ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በደብዳቤው 12፡00» በይው።

ጽሕፈት ቤት፦ «እስከ ሐሙስ» ሲባል ሐሙስን የሚያስገባም የሚያስወጣም አለ። «ሐሙስ ወይም ከዚያ በፊት» ብትይ ክርክሩ ይዘጋል። ደብዳቤው ግን «ይላኩ» ነው የሚለው ወይስ «ይድረሰን»?

ሆሄያት፦ «ይድረሰን» ነው።

ጽሕፈት ቤት፦ እንግዲያ «ይመልሱ» አይበቃም። በፖስታ የሚልክ ሰው ሐሙስ ዕለት ፖስታ ቤት ካስገባ የመለሰ ይመስለዋል። «እጃችን መግባት አለበት» በይ። «ይጠበቃል»ንም አንሺው፤ ልመና ይመስላል። ግዴታ ከሆነ «መልቀቅ አለብዎት» ነው።

እናት ጓዳ፦ ለእኔ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ቀብዴን እንደማይመልሱ ይላል። ይህስ እንዴት ይተረጎማል?

ጽሕፈት ቤት፦ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እህቴ። ቀብድ ግዢ ለማሰር የሚሰጥ ነው፤ ቤት ሲከራዩ የሚያዘው «መያዣ» ቢባል ይሻላል። የማይመለስበትን ምክንያት ደብዳቤው ጽፎት ከሆነ አምጪውና እንየው።

ሰምና ወርቅ፦ አንድ ቃል ቀረ፤ «ወደ 1,380»። «ወደ» በእኛ «ገደማ» ማለትም ነው፤ «ወደ መቶ ሰው መጣ» እንደምንለው። «አሁን በወር 1,200 የሆነው ኪራይ 1,380 ይሆናል» ብትይ አሻሚነቱ ይጠፋል። ጭማሪው 180 መሆኑን አትጨምሪ፤ ደብዳቤው ካላለው ለተከራዩ በቃል ንገሪው።

ዳዊት ደጋሚ፦ ርዕሱስ? «ማስጠንቀቂያ» ሰው ያስደነግጣል፤ «ማሳወቂያ» ይሁን።

ሰምና ወርቅ፦ በውል ቋንቋ የሚታወቀው «ማስጠንቀቂያ» ነው። ቃሉን ካለዘብነው ተከራዩ ደብዳቤውን እንደ ተራ ወረቀት ያስቀምጠዋል ብዬ እፈራለሁ።

ጽሕፈት ቤት፦ እኔ ደግሞ ጥፋት የሠራ እንዲመስለው አልፈልግም። በዚህ አልስማማም።

ሆሄያት፦ ርዕሱን ገና አልወሰንኩም። የተቀረው ይኸው፦

«የተፈረመው አዲስ ውል ሐሙስ፣ ጁላይ 31 ቀን 2025 (ሐምሌ 24 ቀን 2017) ወይም ከዚያ በፊት እጃችን መግባት አለበት። ካልፈረሙ እሑድ፣ ኦገስት 31 ቀን 2025 (ነሐሴ 25 ቀን 2017) ከቀኑ 6 ሰዓት (በደብዳቤው 12፡00) ላይ ቤቱን መልቀቅ አለብዎት። ከፈረሙ አሁን በወር 1,200 የሆነው ኪራይ ከሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 (ነሐሴ 26 ቀን 2017) ጀምሮ 1,380 ይሆናል።»

ሳይፈርም፣ ሳይለቅም ቢቆይ ምን እንደሚሆን ግን ደብዳቤው አይናገርም። ልሙላው?

ሰምና ወርቅ፦ አትሙዪው። ተከራዩ አከራዩን በጽሑፍ ይጠይቅ።