ከስልክ ፎቶ ላይ የግድግዳ ቀለም ማመሳሰል

የጀሞዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎን ውስጥ ቲቪ የተሰቀለበትን ብረት ነቅለን ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፈንን። ግድግዳው ክሬም ነው፤ የቀለሙ ቁጥር ግን የለንም። ማታ አምፖል በርቶ የተነሳች ትንሽ ፎቶ በቴሌግራም ለቀለም ቤት ልኬ 1 ሊትር ፕላስቲክ ቀለም አስበጠበጥኩ። ሲደርቅ ሰናፍጭ መሰለ። ከፎቶው ላይ ትክክለኛውን ቀለም ማግኘት ይቻላል?

ዳኒ ዲዛይን፦ ይቻላል እንጂ። ፎቶውን በማስተካከያ አፕ ከፍተሽ በቀለም መልቀሚያው ግድግዳውን ንኪው። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥር ይሰጥሻል። ያንን ለቀለም ቤቱ ስጪ፣ ማሽኑ ይበጠብጥልሻል።

የጀሞዋ፦ ሞከርኩት፤ 205፣ 187፣ 142 አለኝ።

በጥባጩ፦ እህቴ፣ ሰናፍጩን ያመጣው ይኸው ቁጥር ነው። ካሜራው የሚያየው ቀለሙን ብቻ ሳይሆን አምፖሉ የረጨውን ብርሃን ጭምር ነው። በፎቶው ላይ ነጭ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ እሱንም ንኪውና ቁጥሩን ላኪልን።

የጀሞዋ፦ አለ። 244፣ 226፣ 190።

በጥባጩ፦ ተመልከቺ፤ ነጩ ማብሪያ እንኳ ሰማያዊው ወደ 190 ወርዷል። ብርሃኑ ቢጫ ነበር ማለት ነው። የግድግዳውን እያንዳንዱን ቁጥር ለማብሪያው ቁጥር አካፍለሽ የቁጥሮቹ ጣሪያ በሆነው በ255 አባዢ። 205 ለ244 ሲካፈል 0.84 ነው፤ በ255 ሲባዛ 214 ይሆናል። ሁለተኛው 211፣ ሦስተኛው 191 ይመጣል። 214፣ 211፣ 191 ፈዘዝ ያለ ክሬም ነው፤ ሰናፍጩ ጠፋ።

በዚህ ቁጥር ግን ቀለም አታስበጥብጪ። ማብሪያው ራሱ ንጹሕ ነጭ ላይሆን ይችላል፤ የቆየ ፕላስቲክ ቢጫ ይይዛል። ከአምፖሉ ያለው ርቀትም ከግድግዳው መሃል ጋር አንድ አይደለም። ስልኩ ደግሞ ጨለም ያለውን ያበራል፣ ቢጫውን በግምት ይቀንሳል። ፎቶውን ግድግዳው ብቻውን ከሞላው፣ ክሬሙን የአምፖል ብርሃን ነው ብሎ ወደ ግራጫ ሊያጥበው ይችላል። በዚያ ላይ ቴሌግራም ፎቶን ሲያሳንስ ከብርሃንና ጥላ ይልቅ የቀለም ዝርዝሩን ይበልጥ ይጥላል። ያንኑ ግድግዳ ጠዋትና ማታ አንሺና ቁጥሮቹን አስተያዪ፤ ልዩነቱን ራስሽ ታያለሽ። ቁጥሩ የሚጠቅመው ከካታሎግ ላይ የትኛውን ገጽ እንደምትገልጪ ለማወቅ ብቻ ነው።

ዳኒ ዲዛይን፦ ነጩን ማነጻጸሪያ ረስቼው ነበር። ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋ በቀን ብታነሳስ?

በጥባጩ፦ በጣም ይሻላል፣ ግን ያው ግምት ነው። ወረቀቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሚያደርግ ማንጫ አለበት። እሷ እቤቱ ውስጥ እያለች ፎቶ ምን ያደርግላታል? በስለታም ቢላ 3 በ3 ሴንቲሜትር የሚሆን ቅራፊ ታንሳ። ቀለም ማንበቢያ ያለው ቀለም ቤት ቅራፊውን በመሣሪያው በራሱ መብራት ስለሚያነበው የሳሎኑ አምፖል አይገባበትም። ቅራፊው ጠፍጣፋና ንጹሕ ይሁን፤ ከጀርባው ስቱኮ ቢኖር ችግር የለውም፣ ፊቱ ላይ አቧራ ካለ ግን ንባቡ ይጨልማል።

ከማብሪያው ሽፋን ሥር አታንሺ። እዚያ ያለው ጭስና ፀሐይ ያልነካው የድሮው ቀለም ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው ግድግዳው ዛሬ የያዘውን መልክ ነው። ከተደፈነው ቀዳዳ አጠገብ አንሺው።

እማማ ሐረግ፦ ልጄ፣ ሳሎን ክሬም ቶሎ ይቆሽሻል፣ ሌላ ቀለም ምረጪ። እኛ ቤት የተረፈውን ያንኑ ቀለም ቀብተንበት እንኳ ጥገናው ዛሬም ይታያል።

ቀቢው፦ እማማ፣ እሷ አዲስ ቀለም እየመረጠች አይደለም፤ ስለ ጥገናው ያሉት ግን እውነት ነው። ስቱኮ ቀለም ይመጥጣል፣ ስለዚህ ቦታው ደብዝዞ ይቀራል። ስቱኮው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለስለስ፣ ፕራይመር ይቀባ፣ ከዚያ ሁለት እጅ በሮለር። በብሩሽ ከነካችው ቀለሙ አንድ ቢሆንም እንኳ መስመሩ በጎን ብርሃን ይታያል። እኔ ብሆን ከጥግ እስከ ጥግ ግድግዳውን በሙሉ እቀባዋለሁ።

በጥባጩ፦ ንባቡ ጥሩ ከሆነ በሮለር ዳር ዳሩን እያሳሱ ማመሳሰል የሚቻል ይመስለኛል፤ መስኮት ፊት ለፊት ላለ ግድግዳ ግን ከቀቢው ጋር እስማማለሁ። በመጀመሪያ ትንሽ ብቻ አስበጥብጪ። ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቢና ሲደርቅ ግድግዳው ላይ አስጠግተሽ እዪው፤ እርጥብ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ጠቆር ይላል። በቀን ካየሽው በኋላ ማታም በአምፖል እዪው። በቀን አንድ መስሎ ማታ ከተለያየ ማቅለሚያዎቹ ሌሎች ናቸው ማለት ነው፤ በሌላ ማቅለሚያ እንዲበጠብጡልሽ ጠይቂ።

የጀሞዋ፦ ሰናፍጩ 1 ሊትር ላይ ነጭ ብጨምርበትስ?

ቀቢው፦ ይፈዛል እንጂ ቢጫነቱ አይለቅም። ለሌላ ቦታ አስቀምጪው።