ውሳኔውን ከሐሳቡና ከቀልዱ እንዴት ልለይ?

በድሬዳዋ ከዚራ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ስሆን፣ ሦስት ሰዓት የፈጀውን ስብሰባችንን ከድምፅ ቅጂ ቃል በቃል ገልብጬ 38 ገጽ ስለሆነ፣ ወደ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ ማሳጠር አለብኝ።

ውሳኔ ብዬ የያዝኩት ሰብሳቢው ሐሳቡን ደግመው ተናግረው፣ ተቃውሞ መኖሩን ጠይቀው፣ ፈጻሚ የመደቡለትን ብቻ ነው። «ቢሆን ጥሩ ነበር» የተባለውን በሐሳብነት መዘገብኩ። አንድ አባል «ድንኳኑን ለባቡሩ እናከራየው» ያሉት በጽሑፍ ሲነበብ እውነተኛ ሐሳብ ይመስላል፤ ቀልድ መሆኑን የተረዳሁት ቅጂውን መልሼ ሳዳምጥ ሳቁን ሰምቼ ነው።

የተቸገርኩት በወርሃዊ መዋጮው ነው። ገንዘብ ያዡ ከ50 ወደ 80 ብር ከፍ እንዲል ሲጠይቁ ሰብሳቢው «እሺ» ብለው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሌላ አባል «80 ብሩ ከመቼ ይጀምራል?» ሲሉ የመለሰላቸው የለም። «እሺ» ያሉት ተስማምተው ይሁን «ሰምቻለሁ» ለማለት፣ ድምፁን ደጋግሜ ባዳምጥም አልለይ አለኝ። ውሳኔ ብዬ ብጽፈው አባላት ያልተስማሙበትን ሊከፍሉ ነው፤ ይህ እጅግ ያሳስበኛል። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት «ያልተቋጨ» ብዬ ከነገጽ ቁጥሩ ለሰብሳቢው ላቅርበው ወይስ ጉባኤው ራሱ እንዲወስንበት ለቀጣዩ ስብሰባ ላቆየው? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።