«ልጁን ማን ያነሳዋል?» የሚነሳው ልጁ ነው ክርስትናው?

የሀይቅ ዳር፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ሀዋሳ ነኝ። ወንድ ልጃችን ጥር 12 ተወለደ፣ ትናንት ቡና ላይ አማቴ «ለመሆኑ ልጁን ማን ያነሳዋል?» አሉኝ። ክርስትና አባቱን ማለታቸው ገብቶኛል። ግን «ክርስትና አነሳ» ስንል የሚነሳው ምንድነው?

ፊደል፦ ቀላል ነው፣ ግእዙ ነሥአ ነው፣ ወሰደ፣ ተቀበለ። ልጁ ክርስትናን ተቀበለ ማለት ነው፣ አለቀ።

መሪጌታ፦ አላለቀም ወንድሜ። ነሥአ ቢሆን ኖሮ ያነሳው ሕፃኑ ራሱ ይሆን ነበር፣ እኛ ግን «እሱን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ» ነው የምንለው። አንሥአ ነው፣ ከወደቀበት ብድግ አደረገ። ካህኑ ሦስቴ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሲያወጣው ክርስትና አባቱ ይቀበለዋል። መነከሩ ከጌታ ጋር መቀበር ነው፣ መውጣቱ ትንሣኤ።

ፊደል፦ ሁለቱም እኮ አንድ ሥር ናቸው መሪጌታ!

መሪጌታ፦ ሥሩ አንድ ቢሆን ግሱን የሚሠራው ሰው ይለያያል፣ ክርክሩ እሱ ላይ ነው።

እማማ ዘውዴ፦ የእኔን ልጅ ጎረቤታችን ነው ያነሳው፣ ፎቶውም ቆንጆ ወጥቶ ነበር፣ ስልኩን ልፈልግልሽ?

የሀይቅ ዳር፦ እማማ ፎቶ አንሺ አይደለም የጠየቅኩት 😊

አበልጅ ነኝ፦ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ እህቴ፣ ሰውየውን ከአሁኑ ያዙት። ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት ነው፣ ራሱም የተጠመቀ መሆን አለበት። ሕፃኑ አፍ ስለሌለው ወደ ምዕራብ ዞሮ «እክህደከ ሰይጣን» የሚለው እሱ ነው፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ያምናል። ደግሞ ከዚያ ወዲያ ዘመድ ነው፣ ልጆቻችሁ አይጋቡም። አንቺና እሱም አበልጅ ትባላላችሁ።

ፊደል፦ አበልጅ «አበ ልጅ» ነው፣ የልጅ አባት!

መሪጌታ፦ እናቲቱስ አበልጅ አይደለችም? አበ ካልክ የት ታስገባታለህ?

አበልጅ ነኝ፦ ቀኑን እንዳትስቱ ግን። የተወለደበትን ቀን ጨምራችሁ ቁጠሩ፣ ከጥር 12 እስከ 30 ድረስ 19 ቀን ነው፣ 21 ሲጨመር 40ኛው የካቲት 21 ይውላል። ከማግስቱ ከጀመራችሁ 22 ይሆንባችሁና አንድ ቀን ትዘገያላችሁ። ለካህኑ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ነጭ ልብስና ማዕተብ አዘጋጁ። ዐቢይ ጾም ከገባ ድግሱ የጾም ይሁን እንጂ ቀኑን አታሳድሩት። ሲነጋ ስለሚቆርብ ደግሞ ጡት እንዳትሰጪው፣ የእኛዋ ስታለቅስ አክስቷ አጥብታት ሳትቆርብ ተመለሰች፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሀይቅ ዳር፦ 21 ማርያም ናት! ስሙ ወልደ ማርያም ይሆን ይሆን?

መሪጌታ፦ እሱን ካህኑ ይንገሩሽ። ፊደል፣ እናቲቱን መልስልኝ።

ፊደል፦ እየፈለግኩ ነው መሪጌታ፣ ነገ እመለሳለሁ።