ዴድዌይት ሎሱ 50 ነው ወይስ 100? የሞኖፖሊ ስሌት ላይ ተጣብቄያለሁ

የርቀቷ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማይክሮኢኮኖሚክስ አሳይመንት ላይ ተጣብቄ ሁለት ቀን ሆነኝ። የተሰጠን ይሄ ነው፦

```
P = 80 − Q
TC = 50 + 20Q + 0.5Q²
```

የሞኖፖሊውን ዴድዌይት ሎስ ከፍጹም ውድድር ጋር አወዳድራችሁ አስሉ ይላል። በውድድር መጠኑ 30፣ ዋጋው 50 ብር ወጣልኝ። በሞኖፖሊ መጠኑ 20፣ ዋጋው 60 ብር። እስከዚህ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ነን። ከዚያ እኔ የዋጋውን ልዩነት 10 በመጠኑ ልዩነት 10 አባዝቼ ለሁለት ሳካፍል 50 መጣ። ጓደኛዬ 200 ትላለች። የመልስ ወረቀቱ ደግሞ 100። ማናችን ነን የተሳሳትነው?

ባለወፍጮ፦
ልጄ፣ ጥያቄው ራሱ የተገለበጠ አይመስልሽም? ሞኖፖሊ ምን ኪሳራ አለው? በሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት የኔ ብቻ ነው። ሁለተኛ ወፍጮ እስካልተከፈተ ድረስ እኔ የምከስርበት ምክንያት የለም። ኪሳራው የሚመጣው ውድድር ሲመጣ ነው።

ሦስተኛ ዓመት፦
50 ልክ ነው። የመልስ ወረቀቱ ተሳስቶ ይሆናል፣ ያጋጥማል። እኛ ክላስ የሠራነው ልክ እንዳንቺ ነው፦ የዋጋ ልዩነት በመጠን ልዩነት፣ ለሁለት። ያኔ ዲማንዱ ያው 80 − Q ነበር፣ ማርጂናል ኮስቱ ግን ዝም ብሎ 20 ብር። በውድድር 60 ዕቃ በ20 ብር፣ በሞኖፖሊ 30 ዕቃ በ50 ብር። 30 በ30፣ ለሁለት፣ 450። ማረጋገጫም አለው፤ ዴድዌይት ሎስ ሁልጊዜ የሞኖፖሊው ትርፍ ግማሽ ነው። እዚያ ትርፉ 900 ነበር።

ቆይ፣ ያንቺን በዚህ ላረጋግጥ ብዬ ትርፉን ሳሰላው 1200 ሲቀነስ 650፣ 550 መጣ። ግማሹ 275። 50ም አይደለም፣ 100ም አይደለም። የሆነ ነገር አምልጦኛል።

የማታ አስተማሪ፦
100 ልክ ነው።

ተማሪዋ፣ ዋጋዎቹንም መጠኖቹንም በትክክል አግኝተሻል። ብዙ ሰው እዚያው ይሳሳታል፤ 20 ላይ ማርጂናል ሬቨኒዩው 40 ስለሆነ ዋጋው 40 ነው ብሎ ያርፋል። አንቺ ወደ ዲማንዱ ወጥተሽ 60 ብለሻል። ስህተትሽ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑን መሐሉ ላይ ቆርጠሽዋል።

ግራፉን ሳይው። መጠን 20 ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከላይ ወደ ታች አውርጂ። ዲማንዱን 60 ላይ ይነካል። ከዚያ ስትወርጂ 50 ላይ አትቁሚ። 50 ብር ውድድር ቢኖር የሚሆነው ዋጋ ነው እንጂ ሃያኛውን ዕቃ ለማምረት የሚወጣው ወጪ አይደለም። ማርጂናል ኮስቱን እስክታገኚ ውረጂ። እሱ 20 + Q ስለሆነ እዚያ ላይ 40 ብር ነው። የሦስት ማዕዘኑ አንዱ ጎን ከ40 እስከ 60 ነው፣ ጫፉ ደግሞ 30 ላይ።

```
DWL = ½ × (30 − 20) × (60 − 40) = 100
```

ለምን እንደሆነ እንዲገባሽ አንድ ዕቃ ብቻ ያዢ፣ 25ኛውን። የሚፈልገው ሰው እስከ 55 ብር ይከፍልበታል። ማምረቻው 45 ብር ነው። ዕቃው ቢመረት ኖሮ 10 ብር የሚያህል ጥቅም ይፈጠር ነበር። በውድድሩ ዋጋ በ50 ቢሸጥ 5ቱ ለገዢው፣ 5ቱ ለአምራቹ ይደርስ ነበር። ሞኖፖሊው 20 ላይ ስላቆመ ግን ያ 10 ብር የማንም ኪስ አልገባም። አንቺ የቆጠርሽው የገዢውን 5 ብር ብቻ ነው። 50ው የሸማቾች ድርሻ ነው፣ ሌላው 50 በአምራቹ በኩል የቀረ ነው።

ሦስተኛ ዓመት፣ ያንተ ዘዴ ለዚያ ጥያቄ ይሠራል። ማርጂናል ኮስቱ አግድም ሲሆን የውድድሩ ዋጋና የሞኖፖሊው ማርጂናል ኮስት አንድ ቁጥር ናቸው፤ ሁለቱም 20። ስለዚህ የትኛውን ብትቀንስ ለውጥ የለውም። የትርፍ ግማሽ የሚለውም የሚሠራው ዲማንዱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ፣ ማርጂናል ኮስቱ አግድም ሆኖ፣ ቋሚ ወጪም ከሌለ ነው። "ሁልጊዜ" የምትለውን ቃል አውጣት።

ባለወፍጮ ጋሼ፣ ያሳሳተዎት ኪሳራ የሚለው ቃል ነው። እዚህ የከሰረው ነጋዴው አይደለም። ትርፉማ ከ400 ወደ 550 ከፍ ብሏል። የጠፋው፣ ሳይሸጥ በቀረው ዕቃ ላይ ገዢና ሻጭ ሊያገኙት ይችሉ የነበረው ነው።

የርቀቷ ተማሪ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። 25ኛውን ዕቃ ሳይ ገባኝ። ግን ሌላ ጣጣ አመጣሁ። በእርስዎ መንገድ ከ21ኛው እስከ 30ኛው አንድ በአንድ ልደምር ብዬ ጀመርኩ። 21ኛው 59 ሲቀነስ 41፣ 18። 22ኛው 16። እንዲህ እያልኩ 30ኛው ዜሮ። ድምሩ 90 ነው! አሥሯ ብር የት ሄደች?

ካልኩሌተር፦
ይቺኛዋ ለኔ ናት። የለካሽው የእያንዳንዱን ዕቃ መጨረሻ ነው። 21ኛው ዕቃ ማለት ከ20 እስከ 21 ያለው ስፋት ነው። ስፋቱ ሲጀምር ልዩነቱ 20 ብር ነበር፣ ሲያልቅ 18። አንቺ 18ቱን ብቻ ወሰድሽ፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ላይ አንዲት ብር ሸረፍሽ። አሥር ዕቃ፣ አሥር ብር። መጀመሪያውን ብትወስጂ ደግሞ 110 ይመጣልሻል። መሐሉን ውሰጂ፦ 20.5 ላይ 59.5 ሲቀነስ 40.5፣ 19። ከዚያ 17፣ 15፣ እስከ 1። ድምሩ ልክ 100።

ዕቃው በቁጥር ብቻ የሚሸጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ፣ 90 የሚለው መልስም የሚያስኬድ ይመስለኛል። መምህሩ ምን ይላሉ?

የማታ አስተማሪ፦
ያስኬዳል፤ ያኔ ግን ዲማንዱንም ወጪውንም ከመጀመሪያው በደረጃ መሣል ነበረብን። ወጪው በ Q² ተጽፎ ከመጣ ጥያቄው ቀጣይ መጠን ነው የሚፈልገው። ፈተና ላይ 100 ጻፊ።

መልስሽን በሌላ በኩል ማረጋገጥ ከፈለግሽ እንዲህ አድርጊ። በውድድር የሸማቾች ትርፍ 450፣ የአምራቹም 450፣ በድምሩ 900። በሞኖፖሊ የሸማቾቹ ወደ 200 ይወርዳል፣ የአምራቹ ወደ 600 ይወጣል፣ በድምሩ 800። የጎደለው 100 ነው። እዚህ የአምራች ትርፍ ስል 50 ብሩን ቋሚ ወጪ ሳልቀንስ ነው። በሁለቱም በኩል ስላለ ብትቀንሺውም ልዩነቱ ያው ነው። ከአንዱ ብቻ የቀነሰ ሰው ግን 50 ወይም 150 ላይ ይደርሳል። 50 ሲመጣለት ደግሞ እንዳንቺ ሦስት ማዕዘኑን የቆረጠ ይመስላል፣ ለማረም ያስቸግራል።

የርቀቷ ተማሪ፦
የጓደኛዬ 200ስ ከየት መጣ?

የማታ አስተማሪ፦
ወረቀቷን ሳላይ አላውቅም፣ ሁለት መንገድ አለ። ወይ 10 በ20 አባዝታ ለሁለት ማካፈሉን ረስታለች። ወይ ደግሞ አራት ማዕዘኑን ወስዳለች፤ 20 ዕቃ፣ እያንዳንዱ በ10 ብር ተወዶ። የመጀመሪያው የችኮላ ስህተት ነው። ሁለተኛው የሐሳብ ስህተት ነው፤ ያ 200 ብር ከገዢዎች ኪስ ወደ ሞኖፖሊው ኪስ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ገዢዎቹ ያጡት 250 ነው፤ 200ው ለሞኖፖሊው ደረሰ፣ 50ው ጠፋ። እሱም በበኩሉ 50 አጥቶ የተጣራ 150 አተረፈ። ጠይቂያትና ንገሪን።

ባለወፍጮ፦
አሁን እየገባኝ ነው። እንግዲያው ልጠይቅ። እኔ ጋ አንዳንድ እናት በሙሉ ዋጋ ማስፈጨት አይችሉም። ከመለሳቸው ወፍጮው ቆሞ ይውላል፣ ስለዚህ ቀንሼ እፈጭላቸዋለሁ። ለሌላው ዋጋው ያው ነው። ያቺ ሦስት ማዕዘን እኔ ጋ አለች?

የማታ አስተማሪ፦
ጋሼ፣ አለች፣ ግን አንሳለች። ቀንሰው የሚያስከፍሏቸው ከመብራቱና ከሠራተኛው ተጨማሪ ወጪ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ እያንዳንዷ እናት ከሦስት ማዕዘኑ አንድ ቁራጭ ትመልሳለች። እያንዳንዱን ደንበኛ የመጨረሻ አቅሙን አውቀው ቢያስከፍሉ ኖሮ እዚህ ስሌት ላይ 30ውም ዕቃ ይሸጣል፣ ዴድዌይት ሎሱም ዜሮ ይሆናል። 900ው ግን በሙሉ የእርስዎ ነው፣ ለገዢ ምንም አይተርፍም። ዜሮ ዴድዌይት ሎስ ማለት ፍትሐዊ ማለት አይደለም።

አንባቢ ብቻ፦
በጨዋታችሁ መሐል ልግባ። ይቺን ሦስት ማዕዘን አርኖልድ ሃርበርገር በ1954 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ፋብሪካዎች አስልቶ ከአገሪቱ ገቢ ከአንድ ሺህኛ በታች አገኛት። ሞኖፖሊ ይሄን ያህል ትንሽ ጉዳት ካለው ለምን እንጨነቃለን የሚል ክርክር ተነሣ። በ1967 ጎርደን ታሎክ መጥቶ አራት ማዕዘኑንም ተመልከቱ አለ። ብቸኛ ሻጭ ሆኖ ለመቆየት ለማግባቢያና ለደጅ ጥናት የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ ይበላል፣ እሱም ብክነት ነው። በዚህ ከሄድን የጓደኛሽ 200 እንዲያውም ያንሳል።

የማታ አስተማሪ፦
ሙሉው 200 እንደሚባክን ማን አረጋገጠ? ፈቃድ ለማግኘት 10 ብር አውጥቶ 200 የሚወስድም አለ። ደግሞ የሚበላው ከትርፉ ጭማሪ ነው ካልን ጣሪያው 150 መሆን አለበት። የሃርበርገርም ቁጥር ስለ ዲማንዱ በወሰደው ግምት ላይ ይንጠለጠላል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ይሄ ጥያቄ ሞኖፖሊውም ተወዳዳሪዎቹም በአንድ ዓይነት ወጪ ያመርታሉ ብሎ ነው የተነሣው። ትልቁ ድርጅት በርካሽ የሚያመርት ከሆነ 30ና 50 የሚሉት ቁጥሮች ራሳቸው ይፈርሳሉ።

አንባቢ ብቻ፦
150ውን እቀበላለሁ። ስለ ቀሪው ግን አልተስማማንም።

የርቀቷ ተማሪ፦
ጓደኛዬን ደወልኩላት። ለሁለት ማካፈል ረስቼ ነው ትላለች። ወረቀቷ ላይ ግን አራት ማዕዘኑን በእርሳስ አጥቁራዋለች።