በአክስቴ ቡስታ ፓጋ ላይ 7 ዩሮ የት ገባ?

ሰላም ወገኖች። አክስቴ ሮም ውስጥ ሆቴል በጽዳት ትሠራለች፤ ቡስታ ፓጋዋን፣ ማለትም የወር ደመወዝ ወረቀቷን፣ በአማርኛ ላስረዳት ተቀምጬ አንድ መስመር ላይ ቀረሁ።

ሎርዶው፣ ማለትም ያልተጣራው ደመወዟ፣ 1,400 ዩሮ ነው። ለኢንፕስ ጡረታና ማኅበራዊ ዋስትና 9.19 በመቶ፣ 128.66 ዩሮ ይቆረጣል። ግብሩ የሚሰላው ከቀሪው 1,271.34 ላይ ነው። እስከዚህ ገብቶኛል።

ከታች ለብቻው በተከለለው ሳጥን ግን ቲ.ኤፍ.ኤር. የሚባለው፣ ሥራ ሲለቀቅ የሚከፈለው ገንዘብ፣ 96.70 ተጽፏል። እሷ «ይሄንንም ቆረጡብኝ» ብላ ተናዳለች። ደምሬ ቀንሼ አየሁት፤ ኔቶው፣ እጇ የገባው፣ ያለ እሱ ልክ ይመጣል። ስለዚህ አሠሪው ጋ እየተጠራቀመ ያለ ገንዘቧ ነው። ግን ቲ.ኤፍ.ኤር. የሚሰላው ደመወዙ ለ13.5 ተካፍሎ ነው፤ ይህ ደግሞ 103.70 ነው የሚሆነው። የጎደለችው 7 ዩሮ የ1,400 ግማሽ በመቶ ናት። ይህች ግማሽ በመቶ ለኢንፕስ ነው የምትሄደው ወይስ የሒሳብ ሠራተኛው ስህተት ነው?

ሌላው የቲ.ኤፍ.ኤር. የአማርኛ ስሙ ነው። «የስንብት ካሳ» ስላት «ካባረሩኝ ብቻ ነዋ!» አለችኝ። በራሷ ፈቃድ ብትለቅም የሚከፈላት ስለሆነ፣ እናንተ በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?